የማን ጽሑፍ ነው?

አንድ ወዳጄ «እስኪ እየውና አስተያየትህን ንገረኝ» ብሎ የሰጠኝን ረቂቅ ልብ ወለድ ካነበብኩ ሦስት ሳምንት አልፎኛል። ታሪኩን ግማሽ በግማሽ ረስቼዋለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ጥርስ ውስጥ እንደተሰነቀረች ሥጋ አልወጣ ብላኛለች። እንዲህ ትላለች፦ «እማማ ዘውዴ በቀይ ሽብር ዘመን ልጃቸው ከቤት ተወስዶ ስለተገደለባቸው፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወረቀትና ጽሑፍ ያስፈራቸው ነበር።»

ስህተት የለባትም። ሰዋስዋም ታሪኳም ልክ ነው። በዚያ ዘመን ወረቀት ሰው ያስበላ እንደነበር ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1969 የአሰሳ ሰሞን መጽሐፍ ያቃጠለ፣ ሽንት ቤት የጣለ ወይም ጓሮ ቆፍሮ የቀበረ ሰው የማያውቅ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ታዲያ ዓረፍተ ነገሯ ለምን ሞታ ተወለደች?

መጀመሪያ ጥፋተኛ ያደረግሁት «ስለ»ን ነበር። «ስለተገደለባቸው» ስትል ምክንያቱና ውጤቱ ተጣብቀው ይመጣሉ፤ አንባቢ በመካከላቸው የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። ወዳጄን በረቂቁ ውስጥ «ከዚያን ቀን ጀምሮ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ትዝ አላት»፣ «ጠባሳ» የሚሉትን እየፈለገ እንዲያሰምርባቸው ነገርኩት፤ በአብዛኛው ችግሩ እዚያ ተኝቶ ይገኛል። በኋላ ግን የባሰ ነገር ታየኝ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ፍርሃት ፍርሃት አይመስልም። ቁጠባ ይመስላል፤ ንጽሕና ይመስላል፤ ጨዋነት ይመስላል። «ያስፈራቸው ነበር» ብሎ የጻፈ ደራሲ ጎረቤት ከሚያውቀው አልፎ አልሄደም፤ እንዲያውም ጎረቤት ይህን ያህል እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯን አፍርሼ እንደገና ልሠራት ሞከርኩ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ፍርስራሽ ነው።

## ከልጡ ይልቅ ሳሩ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ሰውየው መቼ፣ የት፣ በምን እባብ እንደተነደፈ ተረቱ አይነግረንም፤ በልጥ ሲበረግግ ብቻ ያሳየናል። አባቶቻችን ይህን ጉዳይ በአራት ቃል ጨርሰውታል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ተረቱ ደራሲን የሚያስትበት አንድ መንገድ አለው። ልጥ እባብ ይመስላል። በዚህ የተነሳ ጸሐፊው ሁልጊዜ አደጋውን ራሱን የሚመስል ነገር ይፈልጋል፦ ጥይት የሰማ ሰው በበዓል ርችት መሬት ላይ ይወድቃል፤ በእሳት የተጎዳች ሴት ክብሪት ስታይ ትጮኻለች። ይህ በእውነተኛ ሕይወት አይደርስም አልልም፤ ይደርሳል። ነገር ግን አንባቢ ርችቱ ሳይተኮስ ያውቀዋል። ደግሞም በድንጋጤ ሰዓት አእምሮ ዋናውን ነገር ብቻ መርጦ አይዝም። ጠርዝ ጠርዙን ይለቅማል፤ በዙሪያው የነበረውን ሽታ፣ ብርሃን፣ የአንድን ሰው የድምፅ ቃና ከአደጋው ጋር አብሮ ያስራል። እባብ የነደፈው ሰው ልጡን አንሥቶ እንጨት ሊያስርበት፣ ጠዋት ጤዛ ያለበት ሳር ላይ ግን እግሩን ላያሳርፍ ይችላል። ስለ ሳሩ ቢጠየቅ «እግሬ እንዳይርስ ነው» ይላል፤ ራሱም ያምነዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዝርዝር ነው። በዚያች ሌሊት እቤት ውስጥ የነበሩ፣ በዓይን በጆሮ በአፍንጫ የሚያዙ አሥር ነገሮች ይጻፉ። ለእማማ ዘውዴ የጻፍኩት ይህ ነው፦ በሩ ሲደበደብ፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ውጭ የቆመ መኪና፤ ጠመንጃ፤ ግድግዳው ላይ የሚሄድ የባትሪ ብርሃን፤ ያልጠፋ የከሰል ፍም፤ ወለሉ ላይ የጭቃ ጫማ ዱካ፤ ከአልጋ ሥር የተጎተተ ሳጥን፤ የሒሳብ ደብተር፤ ውስጡ የተጣጠፈ ወረቀት፤ ከሰዎቹ አንዱ በትሕትና «እናቴ» ያለበት ድምፅ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሰርዣቸዋለሁ። ልጥ ናቸው፤ ማንም ደራሲ ያነሣቸዋል። ከቀሩት ውስጥ ሁለት ያዝኩ፦ ደብተሩንና ትሕትናውን። ትሕትና ቀስቃሽ ሊሆን መቻሉ ራሱ ገጸ ባሕርይዋን ከሌላው የቀይ ሽብር እናት ሁሉ ለይቷታል። ጮክ ብሎ የሚቆጣ ሰው ላያስደነግጣቸው ይችላል፤ በለሰለሰ ድምፅ «እናቴ» የሚል ጎረምሳ ግን ሌላ ነገር ነው።

## ልማዱ ልክ የነበረበት ሌሊት

ልማድ የቁስል ምልክት ብቻ ነው ብሎ የተነሣ ጸሐፊ ቶሎ ይደርቃል። ልማድ መፍትሔ ነው። አንድ ጊዜ፣ በአንዲት ሌሊት፣ ያ ሰው «እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ» ያለውን ነገር ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያደርገዋል። ዘግይቶ የመጣ ትክክለኛ መልስ ነው። ስለዚህ ደራሲው መጠየቅ ያለበት ምን እንደደረሰባቸው ብቻ አይደለም፤ እማማ ዘውዴ እኔ አጠፋሁ የሚሉት ምኑን እንደሆነ ነው።

ለራሴ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ይህ ገጽ ልብ ወለዱ ውስጥ አይገባም፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። 1970 ነው። ፈታሾቹ ሳጥኑን ከፍተው ከሒሳቡ ደብተር ውስጥ ወረቀቱን አወጡ። አንደኛው ወረቀቱን ወደ ፍሙ ብርሃን አስጠግቶ «እናቴ፣ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?» አላቸው። እማማ ዘውዴ ማንበብ አይችሉም። የልጃቸውን የእጅ ጽሑፍ ግን እንደ እግሩ ኮቴ ይለዩታል፤ ሰፈር ውስጥ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሁሉ የሚያመሰግኑት ጽሑፍ ነው። «የልጄ ነው» አሉ። ከዚያም ዝም ማለት ሲችሉ ጨመሩበት፦ «ጽሑፉ ደስ አይልም?»

አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልቅሶ መቀመጥ መከልከሉን፣ ለተገደለበት ጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉትን ቤተሰቦች። እነዚህን ጨርሶ አልነካኋቸውም። ታሪክ ናቸው፤ የብዙ ሰው ናቸው። የእማማ ዘውዴ ብቻ የሆነችው «ደስ አይልም?» የምትለዋ ናት። በልጅ መኩራት።

ከዚህች ገጽ ልማዶቹ ራሳቸው ይወጣሉ፤ መፈልሰፍ አያስፈልግም። ዘመኑን 1994 አድርጌዋለሁ። እማማ ዘውዴ ከሱቅ በዱቤ አይወስዱም። ባለሱቁ ስማቸውን ደብተር ላይ ስለሚጽፍ ነው፤ እሳቸው ግን «ዕዳ አልወድም» ይላሉ፤ ሰፈሩም «እንደ ዘውዴ የተከበረች የለችም» እያለ ያመሰግናቸዋል። በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ቀበሌው ሁሉንም ሲያስመዘግብ «ዓይኔ አያይም» ብለው ቀሩ፤ ዛሬም በጣታቸው ነው የሚፈርሙት። ምስር ሲለቅሙ ግን ጠጠር አያመልጣቸውም። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው የሜሮን ደብተር ላይ ስም የተጻፈበትን ሽፋን ይገነጥላሉ። ዕቃ ወድቆ ተገኝቶ «የማን ነው?» ከተባለ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እኔ ምን አውቄ።» የገዛ ነጠላቸው ቢሆንም።

ከእነዚህ ውስጥ በጣም የምወደው ዱቤውን ነው፤ ሰው ያመሰገነው ስለሆነ። ጎረቤት እንደ ምግባር የሚያየው ጠባሳ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅበትም፤ ባለቤቱም አይጠይቅም። ግን ዋጋ አለው። ጡረታ ሳይደርስ ወር አጋማሽ ላይ ዘይት ሲያልቅ ቤቱ ያለ ዘይት ያድራል። ልማድ በአሁኑ ሕይወት ላይ ምንም ካላስከፈለ ጌጥ ነው፤ ሊወጣ ይገባዋል።

## ቦዝ አንቀጽ ውስጥ መደበቅ

አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ መሣሪያ ይሰጠናል፤ ስንጠቀምበት ግን እምብዛም አላይም። የዓረፍተ ነገራችን ክብደት መጨረሻው ግሥ ላይ ያርፋል። ከፊት የሚደረደሩት «አውጥተው፣ ገንጥለው፣ አያይዘው» የሚሉት ቦዝ አንቀጾች የአንባቢን ዓይን አይዙም፤ ወደ መጨረሻው ግሥ የሚወስዱ ደረጃዎች ናቸው። አንድን ልማድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናሳይ ከደረጃዎቹ አንዱ እናደርገዋለን፦

«እማማ ዘውዴ አዲሶቹን ደብተሮች ከላስቲክ አውጥተው፣ የስም መጻፊያ ያለበትን ሽፋን ገንጥለው ከሰሉን አያይዘውበት፣ ሽንኩርቱን ይከትፉ ጀመር።»

አንባቢ የሚያየው ሽንኩርት ነው። ሽፋኑን ዓይቶታል፣ ግን አላየውም። እዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄ አለ። ልማዱ የአንቀጹ መጨረሻ ላይ አይቀመጥ፤ እዚያ ያለ ነገር ሁሉ «ልብ በሉ» ይላል። «እንደልማዳቸው» የምትለዋ ቃል አትግባ፤ ልማድ መሆኑን አንባቢ የሚያውቀው ሁለተኛ ጊዜ ሲያየው ነው። ሦስተኛ፣ ድርጊቱ ጥቅም ይኑረው፤ ሽፋኑ ከሰል አቀጣጥሏል። ጥቅም የሌለው እንግዳ ድርጊት ወዲያው ምሥጢር ይሸታል።

ሁለተኛው ጊዜ ላይ ልማዱ ከደረጃ ወርዶ ራሱ ማሠሪያ ግሥ ይሆናል። የሜሮን አስተማሪ «ስም የሌለው ደብተር አላርምም» ብላ መልሳታለች። ልጅቷ ከካርቶን ሽፋን ሠርታ ስሟን በቀለም ጻፈችበት።

«ማታ እማማ ዘውዴ ሽፋኑን ገነጠሉት። ከሰሉ ተያይዞ ነበር።»

ሁለተኛዋ አጭር ዓረፍተ ነገር ሰበቡን ታስወግዳለች፤ ያኔ አንባቢ ወደ መጀመሪያው ሽፋን በሐሳቡ ይመለሳል። ሁለት መቶ ገጽ ባለው ሥራ የመጀመሪያውን በመጀመሪያዎቹ ሃያ ገጾች፣ ሁለተኛውን ስልሳኛው ገጽ አካባቢ፣ ሦስተኛውን ከመቶ ሃምሳ በኋላ ባደርገው ደስ ይለኛል። ይህ የእኔ ልኬት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሆኖም ሁለቱ በአሥር ገጽ ውስጥ ከተገናኙ ልማዱ የገጸ ባሕርይዋ ሳይሆን የደራሲው ሆኖ ይታያል።

## እጅ፣ አፍ፣ ሰበብ

ልማድ ለስላሳ ነው፤ ሃያ ዓመት ተሠርቶበታል። ድንገተኛ ምላሽ ሌላ ነገር ነው፤ ያልተጠበቀ ነገር ሲመጣ ሰውነት ከሐሳብ ቀድሞ የሚወስደው እርምጃ። ብዙ ረቂቆች ላይ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ አገኘዋለሁ፦ መጀመሪያ «ደነገጡ»፣ ቀጥሎ «ያ ሌሊት ትዝ አላቸው»፣ በመጨረሻ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ሰው እንዲህ አይሠራም። መጀመሪያ እጅ ይቆማል። ቀጥሎ አፍ አንድ ነገር ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀውን። ሐሳብ ዘግይቶ ይደርስና የተደረገውን በሰበብ ያለብሰዋል። ትዝታው ጨርሶ ላይመጣ ይችላል።

የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ልጅ መጣ እንበል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ሜሮን ጓዳ ውስጥ የቤት ሥራ እየሠራች ነው።

«እናቴ፣ እንደምን አሉ?» አለ ልጁ፤ መዝገቡን ገለጠና እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ።
ማማሰያው ቆመ።
«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉት እማማ ዘውዴ። «ከእኔ በቀር ማንም የለም።»
«ቆጣሪዋን ብቻ ነው የማያት።»
«ብቻዬን ነው የምኖረው።»
ልጁ ሲወጣ ሽሮው አሮ ነበር። ሴት ልጃቸው አልማዝ ማታ ስትጠይቃቸው «ጨጓራዬ ተነሥቶብኝ ነው» አሉ።

እዚህ ውስጥ «ደነገጡ» የለም፤ ብንጨምረው ሌላውን ሁሉ ያጠፋዋል። የቆመችው ማማሰያ ናት። ደግሞ አንቱታው አለ። የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ጎረምሳ «ይግቡ» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ ጆሮው ይቆማል። ይህን ለማሳየት ሌላ ቋንቋ አንድ አንቀጽ ያስፈልገው ይሆናል፤ እኛ አንዲት «ይ» ትበቃናለች። ታዲያ ከዚህ ቀደም እማማ ዘውዴ ባለሱቁን፣ ቄሱን፣ ሎተሪ አዟሪውን እንዴት እንደሚጠሩ አንባቢ ሰምቶ መሆን አለበት። ሎተሪ አዟሪውን «ና እስቲ አንተ» ሲሉት ካልሰማን፣ ለቆጣሪ አንባቢው የሰጡት አንቱታ ጨዋነት ብቻ ሆኖ ያልፋል።

«ጨጓራዬ ነው» የምትለዋንም በከንቱ አልመረጥኩም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ለዚህ ነገር በምርመራ መዝገባቸው ስም ያወጡለት በ1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሰፈር ግን በ1994ም ያንን ስም አያውቀውም። የሚያውቀው ጨጓራን፣ ነርቭን፣ ብርድን ነው። ገጸ ባሕርይ በሰፈሯ ቃል ትታመም። ዘመናዊ የሕክምና ቃል በአልማዝ አፍ ሲገባ ያየሁት ሌላ ገጽ ላይ ነው፤ አልማዝ ወዲያው አልማዝ መሆኗ ቀረና የመግቢያ ንግግር አቅራቢ ሆነች።

አንድ ብልሽት እዚህ አዘውትሮ ይከሰታል፦ ማብሪያ ማጥፊያ። እስክሪብቶ በታየ ቁጥር ማማሰያው የሚቆም ከሆነ ሴትዮዋ ማሽን ሆነዋል። በአንዱ ቀን የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ዘርግቶ ሲጽፍ ምንም ሊሆኑ አይገባም፤ ብርሃን ነው፣ ሰው ብዙ ነው፣ ጸሐፊው በጭቅጭቅ ድምፅ ነው የሚያወራው። ሌላ ቀን፣ ያልተኙበት ቀን፣ ያው መዝገብ ይበቃቸዋል። አለመከሰቱን አንድ ጊዜ ማሳየት መከሰቱን ሦስት ጊዜ ከማሳየት ይበልጣል።

## «ነበር» የጎደለባት ዓረፍተ ነገር

ወዳጄ በረቂቁ ውስጥ ልጁን በስም እየጠራ አራት ገጽ ትዝታ ጽፏል። እኔ ስሙን ከእማማ ዘውዴ አፍ አወጣሁት። ቀረ። የቀረው በግሥ ውስጥ ነው።

አልማዝ ወጥ ላይ ቃሪያ ስትጨምር እናቷ «ተይው፤ እሱ ቃሪያ አይወድም» ይሏታል። «አይወድም ነበር» አላሉም። አንዲት ረዳት ግሥ ጎደለች፤ ልጁ ገበታው ላይ ተቀመጠ። አልማዝም ታውቃለችና ቃሪያውን ታወጣለች፤ ሁለቱም ስለዚህ አንድ ቃል አይነጋገሩም። ይህ እንዲሠራ አንባቢ ቤቱ ውስጥ ወንድ አለመኖሩን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ አለበለዚያ የሆነ ባል ወይም ወንድም ይጠብቅና ግራ ይጋባል።

ሌላው ደግሞ ባለቤት የሌለው ግሥ ነው። «መጡ። ወሰዱት።» አማርኛ «እነማን?» ሳይል ይህን መናገር ይፈቅዳል፤ በዚያ ዘመን ያለፉ ሰዎችም እንዲሁ ነው የሚያወሩት። እነማን እንደሆኑ ስለማይታወቅ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ አሁንም ማዶ ካለው ግቢ ይኖር ይሆናልና። ደራሲው አዝኖ «የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጡ» ብሎ ካሟላላቸው ታሪክ ትክክል ይሆናል፤ አፉ ግን የእማማ ዘውዴ አይደለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚባለው እውነት ቢሆንም፣ የተወጋው ያስታወሰውን ሁሉ በስሙ አይጠራም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል።

## ቡና ሲፈላ

የእኛ ልብ ወለድ አንድ የታወቀ ድክመት አለው፦ ቡና ከተፈላ ታሪክ ይተረካል። አንዲት ጎረቤት ሁለተኛውን ስኒ ይዛ «ምስኪን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እኮ…» ብላ ትጀምርና ደራሲው አንድ መቶ ገጽ ሙሉ የደበቀውን በሦስት ደቂቃ ታፈሰዋለች። ጎረቤት ማውራቷ ልክ ነው፤ ሰው ያወራል። ግን የምታውቀው ግማሹን ይሁን፤ የምታውቀውም የተሳሳተውን። በእኔ አሠራር ጎረቤቲቱ ልጁ የሞተው አደባባይ ሰልፍ ላይ ነው ብላ ታምናለች። አልማዝ አታርማትም። ሐሰቱ ሳይታረም ሲያልፍ አንባቢ ሌላ እውነት መኖሩን ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ግን ገና ነው።

በተቃራኒው ያለው ገደልም እውነት ነው። ሁሉንም ደብቆ ጥበብ ሠራሁ የሚል ጸሐፊ አለ፤ አንባቢው ግን ምንም ያልተያያዘ የሽፋን መገንጠልና የሽሮ ማረር ይዞ ይቀራል። በተለይ ከ1983 በኋላ ለተወለደ አንባቢ «ወሰዱት» ብቻውን ላይናገር ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ምክንያቱን መንገር አይደለም፤ ቀኑን ማስቀመጥ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የቀረ የዘጠነኛ ክፍል የውጤት ካርድ፣ ላዩ ላይ 1969 ተጽፎበት፣ ስሙ ያለበት ማዕዘን ተቀዶ። ቀን ተሰጠ፤ ዕድሜ ተሰጠ፤ ቀሪውን ዘመኑ ራሱ ያሟላዋል።

ልክ መሆኑን የምለካበት አንድ መንገድ አለኝ። ያላነበቡት ሦስት ሰዎች ሁለት ሦስተኛውን እንዲያነቡ አደርግና «ምን ደርሶባቸው ይመስላችኋል?» ብዬ አልጠይቅም፤ ይህ ጥያቄ እንቆቅልሽ ፈቺ ያደርጋቸዋል። የምጠይቀው «ነገ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቢቆም እማማ ዘውዴ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ነው። ሁለቱ ተቀራራቢ ነገር ካሉኝ ልማዱ ገብቷል። ሦስቱም «ይፈራሉ» ካሉ ግን አልገባም፤ ይህማ ወዳጄ መጀመሪያ የጻፈው ነው። «ሜሮንን ይደብቋታል» ያለኝ ሰው ካለ ሌሊቱን ሳይነገረው ደርሶበታል።

## ሦስተኛው ስኒ

አሁን ወደ መጨረሻው ትዕይንት። የሰፈሩ የጋራ ቧንቧ ላይ አንድ ሰው ወረቀት ለጥፏል፦ «ውኃ የምትሰርቂ እናውቅሻለን።» ጽሑፉ የልጅ ነው፤ «ው»ዋ ተንጋዳለች። የተሰደበችው ጎረቤት ወረቀቱን ይዛ እማማ ዘውዴ ቤት ትመጣለች፤ ቡና እየተጠጣ ነው። አትጮኽም። ከተቆጣች ሁሉም ይበላሻል፤ ስለዚህ ሳቅ እያለች፣ በለሰለሰ ድምፅ እንድትናገር አደረግሁ። ሜሮንን በዓይኗ እየፈለገች ወረቀቱን ዘረጋችው።

«እናቴ፣ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»
«የእኔ ነው» አሉ እማማ ዘውዴ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በጣታቸው እንደሚፈርሙ ሁሉም ያውቃል። ጎረቤቲቱ ራሷ እንባዋ እስኪወጣ ስቃ ወረቀቱን አጣጥፋ ከተተችው። እማማ ዘውዴ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። እጣኑን ጨመሩ።

መጀመሪያ በዚህ ቦታ የጻፍኩት «ያን ሌሊት መስጠት የነበረባቸውን መልስ ዛሬ ሰጡ» የሚል ነበር። ቆንጆ ናት። ሰረዝኳት። መሳቢያ ውስጥ ያለችው ገጽ መሳቢያዋን ሰብራ የወጣችው በእሷ በኩል ነው።

የቀረኝ አልማዝ ናት። በዚያች ሌሊት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያን ጥያቄ በዚያው ድምፅ ሰምታዋለች፤ የእናቷንም መልስ። ከሌሎቹ ጋር እንድትስቅ ማድረግ አልቻልኩም። እናቷን ቀና ብላ እንድታይ አድርጌ ነበር፤ እሱም ስለበዛ ሰረዝኩት። አሁን ባለበት፣ አልማዝ ተነሥታ ስኒዎቹን መሰብሰብ ትጀምራለች፤ ሁለቱ ገና አልተጠጡም።